አምስት ዶሮ ሲከፋፈል ሁለት ኩንታል መኖም ይቆጠር

ከወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ወደ ዝግጅት ክፍላችን የሚደርሱ ሪፖርቶች ስለ ዶሮ ሲናገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት አንድ ቁጥር ነው። ይህን ያህል ሺህ ጫጩት ተሰራጨ፣ ከዕቅዱ ይህን ያህል በመቶ ተከናወነ ይላሉ። የተሰራጨችው ዶሮ ከስድስት ወር በኋላ በሕይወት መኖሯን፣ እንቁላል መጣል መጀመሯን፣ ምን እየበላች እንዳደረች የሚናገር ዓምድ ግን በሪፖርቱ ውስጥ እምብዛም አይገኝም። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዶሮን ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ካደረገ ወዲህ የሥርጭቱ ቁጥር ከፍ እያለ መጥቷል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን በዚህ ክፍተት የሚጠፋው ሀብትም እየበዛ ይሄዳል።

የችግሩ ሥር ያለው “ዶሮ እርባታ” የሚለው አንድ ስም ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን መሸፈኑ ላይ ነው። አንደኛዋ በግቢና በአውድማ እየጫረች የምትኖረው የሀገረሰብ ዶሮ ናት። ሁለተኛዋ ለእንቁላል ብቻ ተመርጣ የተዳቀለችው እንቁላል ጣይ ናት። ሦስተኛው በሳምንታት ዕድሜ ለዕርድ የሚደርሰው የሥጋ ዶሮ ነው። ሦስቱም ላባና ምንቃር ቢኖራቸውም የሚበሉት፣ የሚታመሙበት፣ የሚከስሩበትና የሚያተርፉበት መንገድ ለየቅል ነው። አንዱን ዓይነት ዶሮ በሌላው አያያዝ ለማኖር መሞከር ዶሮዋንም አርሶ አደሩንም ይጎዳል። ይህ ርዕሰ አንቀጽ የሚለውም በአጭሩ ይኸው ነው፤ ዶሮ ከመታደሉ በፊት የሚቀበላት ግቢ የትኛውን አያያዝ መሸከም እንደሚችል ይታይ።

ከምናውቀው እንጀምር። በልቅ አያያዝ የምትኖር ዶሮ ምግቧን የምታገኘው ከጎተራ ሳይሆን ከግቢው ነው። የወደቀ ጥሬ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ለጋ ሣር፣ ትል፣ ምስጥና አንበጣ ቀለቧ ናቸው። ይህ ቀለብ ነጻ ነው፤ ነገር ግን ልክ አለው። በበጋ፣ በተለይ እህል በሚወቃበት ሰሞን፣ ጥሬ ይበዛል፤ መሬቱ ደርቆ ትሉና ነፍሳቱ ስለሚጠፉ ግን ገንቢው ምግብ ያጥራታል። በክረምት በአንጻሩ ትልና ነፍሳት ይበዛሉ፤ ጎተራው እየጎደለ ሲሄድ ግን ኃይል ሰጪው እህል ያጥራታል። ግቢው ስድስት ዶሮ ብቻ የሚመግብ ከሆነ በዚያው ግቢ አሥራ ሁለት ብናስገባ አሥራ ሁለቱም ይከሳሉ እንጂ እንቁላሉ እጥፍ አይሆንም።

የሀገረሰብ ዶሮ ለዚህ ኑሮ የተፈጠረች ናት። በአንድ ዙር ከ12 እስከ 15 እንቁላል ትጥላለች፤ ከዚያም ታቅፋ 21 ቀን ትተኛለች፤ ከፈለፈለች በኋላ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ጫጩቶቿን ይዛ ትዞራለች። አንዱ ዙር ሦስትና አራት ወር ስለሚፈጅ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ ነው። ይህን ቁጥር ከውጭ ዝርያ 300 እንቁላል ጋር አስተያይቶ “ዝቅተኛ ምርታማነት” ማለት በየሥልጠናው የተለመደ ነው። ንጽጽሩ ግን ጎደሎ ነው። የሀገረሰቧ ዶሮ ራሷን ትመግባለች፣ ራሷ ትታቀፋለች፣ ጫጩቶቿን ራሷ ታሳድጋለች፣ ጭልፊት ሲያንዣብብ ራሷ ታስጠነቅቃለች። ለእነዚህ ሁሉ ሥራዎች የሚውለው ጊዜዋ ነው እንቁላሏን ያሳነሰው። እንቁላል ጣይዋ ሦስት መቶውን የምትጥለው እነዚህን ሥራዎች ሁሉ ለሰው ስለተወች ነው።

አሁን ወደ ሥርጭቱ እንምጣ። አንድ ወረዳ ለአንዲት እማወራ አምስት እንቁላል ጣይ ቄብ ዶሮዎች፣ ቦቫንስ ብራውን ወይም ሎህማን ብራውን እንበል፣ በሁለት ወር ዕድሜያቸው ሰጠ። እነዚህ ቄቦች የመጀመሪያውን እንቁላል ለመጣል ከ18 እስከ 20 ሳምንት መድረስ አለባቸው። እስከዚያው ባሉት ሦስት ወራት ገደማ አንዷ ቄብ አምስት ኪሎ ያህል መኖ ትፈልጋለች። አምስቱ 25 ኪሎ በሉ ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድም እንቁላል የለም። መጣል ሲጀምሩ ደግሞ አንዷ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። መካከለኛውን 115 ግራም ብንወስድ የአምስቱ የቀን ቀለብ ከግማሽ ኪሎ በላይ፣ በወር 17 ኪሎ፣ በዓመት ደግሞ ከሁለት ኩንታል በላይ ይሆናል።

እንግዲህ ለእማወራዋ አምስት ዶሮ ሰጠን ስንል በየዓመቱ ሁለት ኩንታል መኖ እንድታመጣ ጠየቅናት ማለት ነው። ይህን ግን ማንም አልነገራትም። ሁለት ኩንታል በቆሎ ቢኖራት እንኳ አይበቃም። እንቁላል ጣይ ዶሮ በመኖዋ ውስጥ ከ16 እስከ 17 በመቶ ፕሮቲን ትፈልጋለች፤ በቆሎ ያለው ግን ከ8 እስከ 9 በመቶ ብቻ ነው። ጉድለቱ በኑግ ፋጉሎ፣ በአኩሪ አተር ወይም በመሰል ነገር መሟላት አለበት። የእንቁላሉ ቅርፊት ደግሞ ኖራ ይፈልጋል፤ ይህ ካልተሰጣት ከራሷ አጥንት እየቀነሰች ቅርፊት ትሠራለች።

ይህ ሳይሟላ ሲቀር ምን እንደሚሆን በየቀበሌው የታየ ነው። ዶሮዋ ከሀገረሰቦቹ ጋር ትለቀቅና ስትጭር ትውላለች፤ በግቢው ያለው ቀለብ ግን ለእሷ አካል አይበቃም። ኩክኒዋ ትንሽና የገረጣ ሆኖ ይቀራል። ደረቷን ስንዳስስ መሐል ላይ ያለው አጥንት እንደ ቢላ ጀርባ ይሰማናል። በ18 ሳምንቷ አንድ ኪሎ ተኩል አካባቢ መመዘን ሲገባት አንድ ኪሎ ላይ ትቆማለች፤ መጣል የምትጀምረውም ዘግይታ ነው። ከጣለችም ቅርፊቱ ስስ ይሆናል። ድካም ስላለባት ለጭልፊትና ለሸለምጥማጥ ቀላል ሲሳይ ናት። በመጨረሻም ማቀፍ በዝርያ ምርጫ ስለጠፋባት ብትተርፍ እንኳ ራሷን አትተካም። በዓመቱ መጨረሻ ግቢው ውስጥ የሚቀሩት ቀድሞ የነበሩት የሀገረሰብ ዶሮዎች ናቸው። አርሶ አደሯም “የመንግሥት ዶሮ አይበረክትም” ትላለች። ጥፋቱ ግን የዶሮዋ አይደለም፤ የባለሙያ ቸልተኝነት ብቻ ነው ማለትም አይቻልም። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን እንደሚባለው፣ ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከቀለቡ ነው፤ ዕቅዱ ሲዘጋጅ ደግሞ ቀለቡ አልተቆጠረም።

እንቁላል ጣይ ዶሮ ቦታ የላትም ማለታችን ግን አይደለም። ቦታዋ መኖ አቅራቢ በቅርብ ባለበት፣ መብራት በገባበትና እንቁላል ገዥ በማይጠፋበት የከተማ ዙሪያ ነው። መብራቱን የምንጠቅሰው በምክንያት ነው፤ በሀገራችን ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ሲሆን እንቁላል ጣይዋ በሙሉ አቅሟ ለመጣል በቀን እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች። በዚህ ሥራ የሚሰማሩ የተደራጁ ወጣቶች አንድ ቀላል መለኪያ እንዲይዙ እንመክራለን። ከመቶ ዶሮ 80 እንቁላል በቀን የሚለቀም ከሆነ አንድ ኪሎ መኖ ወደ ሰባት እንቁላል ተለውጧል ማለት ነው። ከመቶው 50 ብቻ ከተለቀመ አንዱ ኪሎ አራት እንቁላል ያህል ብቻ ይሰጣል። እንግዲህ በገበያቸው የአንድ ኪሎ መኖ ዋጋ ከስንት እንቁላል ዋጋ ጋር እኩል እንደሆነ ይጠይቁ። የዚያ ዕለት ዋጋ አምስት እንቁላል ከሆነ፣ ከመቶ 80 የሚለቅም ቤት ገና ያተርፋል፤ 50 የሚለቅም ቤት ግን ሌላው ወጪ ሳይደመር እንኳ በየቀኑ እየከሰረ ነው።

200 እንቁላል ጣይ የያዘ ማኅበር በቀን 23 ኪሎ፣ በወር ወደ ሰባት ኩንታል መኖ ያስፈልገዋል። መኖ ለሦስት ቀን ቢቋረጥ እንቁላሉ ወዲያው ይቀንሳል፤ መኖው ተመልሶ ሲመጣ ግን እንቁላሉ በሦስት ቀን አይመለስም፤ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ለማኅበሩ ብድር ሲፈቀድ የዶሮ መግዣ ብቻ ሳይሆን ቢያንስ እስከ መጀመሪያው ሽያጭ ድረስ ያለው የመኖ ገንዘብ አብሮ መታሰብ አለበት። ቤቱ ተሠርቶ፣ ዶሮው ገብቶ፣ መኖ መግዣ አጥተው ከመጣላቸው በፊት የሸጡ ማኅበራት ታሪክ ለብዙ ወረዳዎች አዲስ አይደለም።

የሥጋ ዶሮ ሌላ ሥራ ነው፤ የሚመራውም በቀን መቁጠሪያ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ገብታ በ45 ቀን አካባቢ በሕይወት እያለች ሁለት ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ለዚህም በእኛ ሁኔታ አራት ኪሎ ያህል መኖ ትበላለች። መቶ ጫጩት የሚያስገባ ሰው አራት ኩንታል መኖ ማዘጋጀት አለበት ማለት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት የሥራው ልብ ነው፤ ቤቱ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ ይሄዳል። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ጫጩቶቹን ይመልከት። ከሙቀት ምንጩ ሥር ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል። ከምንጩ ርቀው አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። በአንድ ጥግ ብቻ ከተከማቹ ነፋስ እየገባ ነው። በጉዝጓዙ ላይ ሁሉ ተበታትነው ከበሉና ከተኙ ግን ልኩ ተገኝቷል።

የሥጋ ዶሮ ትልቁ አደጋ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ከደረሰ በኋላ መቶ ዶሮ በየቀኑ ከ15 እስከ 20 ኪሎ መኖ ይበላል፤ የሚጨምረው ሥጋ ግን የበላውን አይመልስም። ገዥ ጠፍቶ አንድ ሳምንት የቆየ ሰው ከኩንታል በላይ መኖ ያለ ጥቅም አወጣ ማለት ነው። በሀገራችን ደግሞ ገዥው በጾምና በፍስክ የሚሄድና የሚመጣ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ስለዚህ ለፋሲካ የሚደርስ የ45 ቀን ዶሮ መግባት ያለበት ጾሙ ከተያዘ ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ከጾሙ በፊት በነበረው ወር ያስገባ ሰው ዶሮው የሚደርስበት ቀን ጾም መሐል ይውላል። በበዓል ገበያም ቢሆን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ለዶሮ ወጥ የሚገዛ ሰው የሚመርጠው በላባው ገብስማ፣ ቀይ ወይም ወሰራ እያለ የሚያማርጠውን የሀገረሰብ ዶሮ ነው፤ የሥጋ ዶሮ ለስላሳ ስለሆነ ረጅም ሰዓት ሲወጠወጥ ይፈርሳል። የእሱ ገዥ ሆቴሉና ምግብ ቤቱ ነው። ከእነርሱ ጋር ቀድሞ ያልተስማማ ወጣት ጫጩት ባያስገባ ይሻለዋል። በደጋ ወረዳዎች ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር ባለፈ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ በፍጥነት የሚያድገው ዶሮ ልብ ይደክማል፤ ሆዱ ውኃ ይቋጥራል፤ ኩክኒው ይጠቁራል፤ ከዚያም ይሞታል። ይህ ተላላፊ በሽታ ስላልሆነ በክትባትም በመድኃኒትም አይመለስም። በእንዲህ ያለ ወረዳ የሥጋ ዶሮን በዕቅድ ማስፋት ከመነሻው አያዋጣም።

እንግዲህ መኖ አቅራቢ፣ መብራትና ሆቴል በሌለበት ቀበሌ ያለችው እማወራ ምን ይደረግላት? መልሱ ግቢዋ ውስጥ አለ። ሦስት የሀገረሰብ እናት ዶሮዎች አሏት እንበል። እያንዳንዷ በዓመት ሁለት ጊዜ ትታቀፍ፤ በአንድ ጊዜ 14 እንቁላል ታቅፋ 11 ትፈልፍል። በዓመት 66 ጫጩት ተፈለፈለ ማለት ነው። በልቅ አያያዝ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ግማሽ ያህሉ ማለቅ የተለመደ ነው። ከ11 ጫጩት 5 ብቻ ቢተርፉ በዓመት የሚያድጉት 30 ናቸው። ከ11 ጫጩት 8 ማትረፍ ቢቻል 48 ይሆናሉ። ልዩነቱ 18 ዶሮ ነው። ይህ ወረዳው ሊሰጣት ካሰበው አምስት ዶሮ ከሦስት እጥፍ በላይ ሲሆን፣ ሁለት ኩንታል መኖም አይጠይቃትም።

ጫጩቱን የሚፈጁት ሦስት ነገሮች በደንብ የታወቁ ናቸው፤ በሽታ፣ ነጣቂና ረሃብ። ከበሽታው ዋነኛው ፈንግል ነው። ዶሮው አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፣ አረንጓዴ ያስቀምጠዋል፣ አንገቱ ይጠመዘዛል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ የመንደሩ ዶሮ ሊያልቅ ይችላል። መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚመረተው ክትባት ለአርሶ አደሩ የማይደርሰው በዋጋው ውድነት አይደለም። አንዱ ብልቃጥ ለመቶና ከዚያ በላይ ዶሮ የተዘጋጀ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላም በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። የአንዲት እማወራ ዶሮ ግን አሥር አይሞላም። ስለዚህ ለክትባቱ መፍትሔ የሚሆነው የጎጥ ቀን መያዝ ነው። ባለሙያው ቀኑን አስቀድሞ ያሳውቅ፤ ዶሮዎቹ ማታ ቆጥ ላይ እንዳሉ ተይዘው ይደሩና ጠዋት ሳይለቀቁ በዓይናቸው ጠብታው ይንጠብጠብላቸው። በየሦስትና አራት ወሩ ይደገም። በሽታው ከገባ በኋላ የታመመውን ዶሮ ወደ ገበያ አውጥቶ መሸጥ ፈንግሉን ለሚቀጥለው ቀበሌ ማድረስ መሆኑን ሁላችንም እናስብ።

ነጣቂውን ለመከላከል ውድ ቤት አያስፈልግም። እናቲቱንና ጫጩቶቿን ለመጀመሪያዎቹ አራትና አምስት ሳምንታት ከቅርጫት ወይም ከሸንበቆ በተሠራ መከለያ ውስጥ ማቆየት፣ ሌሊት ደግሞ ሸለምጥማጥ በማይገባበት ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ማሳደር በቂ ነው። ረሃቡን ለመቀነስ ያለችውን ጥቂት ጥሬ ለሁሉም ከመበተን ይልቅ ለጫጩቶቹ መለየት ያዋጣል። ጫጩት ብቻ የሚያሾልክ ጠባብ መግቢያ ባለው መከለያ ውስጥ የተሰባበረ እህልና ጥቂት ፋጉሎ ቢቀመጥ ትልልቆቹ አይቀሟቸውም። እርግጥ 48 ዶሮ ሁሉ በግቢው ይቆይ አንልም፤ ግቢው ልክ አለውና። ታዳጊ አውራ ዶሮዎቹ እንደደረሱ በበዓል ሰሞን ሲሸጡ ለእናቶቹና ለሚተኩት ቄቦች ቀለቡ ይተርፋል።

በሁለቱ መካከል የሚቆም መንገድም አለ። እንደ ኮክኮክና ሳሶ ያሉ ለእንቁላልም ለሥጋም የሚሆኑ ዝርያዎች ከጭረት ጋር ግማሽ ቀለባቸውን ከእጅ ቢያገኙ ከሀገረሰቧ እጥፍና ከዚያ በላይ እንቁላል ሊሰጡ ይችላሉ። ለአምስቱ ዶሮ ግማሽ ቀለብ ማለት በቀን ለአንዷ 60 ግራም፣ በዓመት ለአምስቱ አንድ ኩንታል ከአሥር ኪሎ ያህል ነው። በመስኖ በቆሎ የሚያመርት ወይም ከወፍጮ ቤት ፉርሽካ የሚያገኝ ቤተሰብ ይህን ይችላል። የማይችል ቤተሰብም አለ፤ እሱን መለየት የባለሙያው ሥራ ነው።

ስለዚህ ወረዳዎች ከሚቀጥለው ሥርጭት በፊት ሦስት ነገር እንዲያስተካክሉ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ከአንዳሳም ይሁን ከኮምቦልቻ ብዜት ማዕከል፣ ከግል ድርጅትም ይሁን፣ ዶሮ ከመጠየቁ በፊት ተቀባዩ ቤተሰብ በዓመት የሚያቀርበው መኖ በኩንታል ይመዝገብ። ሁለት ኩንታል ለሚችል እንቁላል ጣይ፣ አንድ ኩንታል ለሚችል ሁለገቧ ትሰጥ፤ ለማይችለው ክትባቱና የጫጩት መከለያው ይቅደሙለት። ሁለተኛ፣ የፈንግል ክትባት የጎጥ ቀን በቀበሌው ዕቅድ ውስጥ እንደ ማዳበሪያ ሥርጭት ሁሉ ቀኑ ተቆርጦለት ይግባ። ሦስተኛ፣ በሪፖርቱ ላይ “የተሰራጨ” ከሚለው ዓምድ አጠገብ “በስድስተኛ ወሩ በሕይወት ያለ” የሚል ዓምድ ይጨመር።

ይህ ሦስተኛው ዓምድ ሲሞላ የአንዳንድ ወረዳዎች አፈጻጸም ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ዝቅ ያለው ግን ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር እንጂ በእማወራዋ ግቢ ያለው ዶሮ አይደለም። እሷ ግቢ ያለው ዶሮ ቀድሞም ያው ነበረ።